«ማናጀር» ስንት ዓይነት ነው? የሥራ መደብን በስሙ ሳይሆን በኃላፊነቱ ማነጻጸር ምንድን ነው?

በቅርቡ አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። «ማናጀር ልሆን ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አለ። አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሲኒየር አካውንታንት ናት። አሁን ደግሞ 25 ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት «ፋይናንስ ማናጀር» አድርጎ ሊቀጥራት ነው። እንኳን ደስ አለሽ ከማለቴ በፊት አንድ ጥያቄ አመለጠኝ። «ክፍያ ላይ የሚፈርመው ማነው?»

ትንሽ ዝም አለች። «ባለቤቱ መሰለኝ።»

ደስታ ለመቀነስ ብዬ አልነበረም። የሥራ ጠባይ ሆኖብኝ ነው። እኔ የምሠራው ደመወዝና የሥራ ደረጃ ላይ ነው፤ የአንዱን ድርጅት የሥራ መደብ ከሌላው ጋር እያስተያየሁ ነው የምውለው። በእኛ ሙያ ይህ «ጆብ ማቺንግ» ይባላል። ሁለት ድርጅቶች ውስጥ ያሉ መደቦች አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን፣ መጠሪያቸውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሰውየው ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚወስንና በምን እንደሚጠየቅ በማየት መለየት ማለት ነው።

ስሙን የምንተወው ስም ከልካይ ስለሌለው ነው። አንድ ድርጅት ደመወዝ መጨመር ሲያቅተው መጠሪያ ይጨምራል። ወጪ የለውማ! የአሜሪካን ባንኮች ብታዩ «ምክትል ፕሬዚዳንት» የሚባለው ሰው ብዛቱ አይጣል ነው፤ ደንበኛ ሥልጣን ያለው ሰው ሲያነጋግረው ደስ ይለዋል፣ ስለዚህ ብዙ መካከለኛ ሠራተኛ በዚያ ስም ይጠራል። በተቃራኒው አንዳንድ ትልቅ ድርጅት ስም ላይ ቆጣቢ ነው። እዚያ «ኦፊሰር» የሚባለው ሰው ሌላ ቦታ «ኃላፊ» የሚባለውን ሥራ ሲሠራ ታገኙታላችሁ። የዓለም ሥራ ድርጅት ሙያዎችን የሚመድብበት ኢስኮ-08 የተባለው ሥርዓትም አንድን ሥራ የሚተረጉመው በሚከናወኑት ተግባራትና ግዴታዎች ነው እንጂ በር ላይ በተለጠፈው ስም አይደለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የሥራ ዝርዝሩን ላከችልኝ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። «በጀት ያስተዳድራል»፣ «የፋይናንስ ሥራዎችን ይመራል»፣ «ከኦዲተሮች ጋር ያስተባብራል» ይላል። ያምራል። ግን እነዚህ ግሦች ሁሉንም ነገር ሊሸከሙ ይችላሉ። «በጀት ያስተዳድራል» ማለት የቱ ወጪ ይፈቀድ፣ የቱ ይቅር ብሎ መወሰን ሊሆን ይችላል። የወጣውን ገንዘብ ሠንጠረዥ ላይ መሙላትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ስለዚህ የሥራ ዝርዝር ሳነብ ግሡን ወደ ባለፈው ወር እጎትተዋለሁ። ቦታው ላይ ለነበረው ሰው የሚቀርበው ጥያቄ «በጀት ታስተዳድራለህ ወይ?» አይደለም። «ባለፈው ወር ማንንም ሳታስፈቅድ የከለከልከው ክፍያ የትኛው ነው?» ነው። አንድ ምሳሌ ካመጣ ሥልጣን አለ። «እኔ አቀርባለሁ፣ እነሱ ይወስናሉ» ካለ ደግሞ የለም። ሁለቱም ክቡር ሥራ ነው፤ አንድ ሥራ ግን አይደሉም።

ጓደኛዬ ቦታውን ሊለቅ ያለውን ሰው ቡና ጋብዛ አነጋገረችው። ጎበዝ ናት፤ ብዙ ሰው የሚያነጋግረው ቀጣሪውን ብቻ ነው። ከ100 የሥራ ሰዓት ስንቱ በምን እንደሚያልፍ ነገራት። ክፍያ ማዘጋጀትና ከባንክ ጋር ማስታረቅ 35። ደመወዝና ግብር 25። ሰነድ መመዝገብ 20። የወር ሒሳብ መዝጋት 15። ቀሪው 5 ባንክና ኦዲተር ጋር መመላለስ። ከሥሩ ማንም የለም። የዓመቱን የሒሳብ መግለጫ የሚያዘጋጀው ከውጭ የሚቀጠር ባለሙያ ነው።

የራሷንም እንዲሁ አስቆጠርኳት። የሦስት ቅርንጫፎችን የወር ሒሳብ መዝጋትና የማይገጥመውን ማጣራት 40። የሁለት ጀማሪዎችን ሥራ ማረም 25። ለኃላፊዎች የሚቀርብ ሪፖርት 20። ክፍያ ማረጋገጥ 10። ልዩ ልዩ 5።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የእኔ ዘዴ ቀላል ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለውን ተግባር እፈልግና ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን እወስዳለሁ፣ ከዚያ እደምራለሁ። ወር መዝጋት አንዱ ጋ 40፣ ሌላው ጋ 15 ስለሆነ 15። ክፍያ አንዱ ጋ 10፣ ሌላው ጋ 35 ስለሆነ 10። ሌላ የሚገናኝ የለም። ድምሩ 25 ነው። የደመወዝ ጥናት የሚያካሂዱ ሰዎች ሁለት መደቦችን «አንድ ናቸው» ለማለት በተለምዶ 70 በመቶ ያህል መመሳሰል ይፈልጋሉ። 25 በጣም ሩቅ ነው። ስለዚህ «ካለሁበት ሥራ ወደ ላይ ከፍ ልል ነው» የሚለው አነጋገር አይሠራም። ወደ ሌላ ሥራ ነው የምትሄደው።

ታዲያ ያ ሥራ ከየትኛው ጋር ነው የሚመሳሰለው? አብሯት የተማረ ልጅ ሌላ ድርጅት ውስጥ «ጀነራል አካውንታንት» ነው። እሱንም ጠየቀችው። ክፍያና ባንክ 30፣ ደመወዝና ግብር 30፣ ምዝገባ 25፣ ወር መዝጋት 10፣ ሌላ 5። ከ«ማናጀሩ» ጋር ስናስተያየው 30፣ 25፣ 20 እና 10 ይገጥማሉ። 85። ስልኩን ይዛ ሳቀች። «እኔ እኮ ቢዝነስ ካርድ ላሳትም ነበር» አለችኝ።

ይህ ቁጥር ግን ጊዜን ብቻ ነው የሚለካው። ጊዜና ክብደት አንድ አይደሉም። በወር ሁለት ሰዓት የምትፈጅ አንዲት ውሳኔ ከቀረው ወር ሁሉ ልትከብድ ትችላለች። ስለዚህ መደብ ሳወዳድር ሰዓቱን ቆጥሬ አልጨርስም፤ «ብትሳሳት ስንት ጊዜ ቆይቶ ይታወቃል? ያኔስ ማን ያርመዋል?» ብዬ እጨምራለሁ።

ይህቺ ጥያቄ የእኔ ፈጠራ አይደለችም። ኤልዮት ዣክ የተባለ ካናዳዊ ተወላጅ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ግሌሲየር ሜታል የተባለ የፋብሪካ ኩባንያ ውስጥ ሲያጠና ያሰበበት ነገር ነው። የአንድን መደብ የኃላፊነት መጠን በረጅሙ ተግባሩ መለካት ይቻላል አለ፤ ሰውየው በራሱ ውሳኔ እንዲሠራ ተትቶ፣ አለቃው ሥራው መበላሸት አለመበላሸቱን እስኪያውቅ ድረስ የሚያልፈው ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው? ለአንዱ አንድ ቀን፣ ለሌላው ሦስት ወር፣ ለሌላው ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል። ስም፣ ወንበር፣ የበታች ሠራተኛ ብዛት እዚህ ቦታ የላቸውም።

በዚህ ሚዛን የጓደኛዬ ጉዳይ ሌላ መልክ ያዘ። አሁን ባለችበት፣ የሦስቱን ቅርንጫፍ ሒሳብ ስትዘጋ የሠራችው ስህተት የሩብ ዓመቱ ሪፖርት እስኪመረመር ድረስ ላይታይ ይችላል። ሦስት ወር ማለት ነው። አዲሱ ቦታ ላይ እያንዳንዱን ክፍያ ባለቤቱ አይቶ ይፈርማል፤ ስህተቱ በማግስቱ ይያዛል። እስካሁን አዲሱ ይቀላል። ግብሩ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የግብር ማስታወቂያውን እዚያ የሚያውቀው እሷ ብቻ ትሆናለች። ባለቤቱ ይፈርማል፣ ነገር ግን የሚፈርምበትን አይረዳውም። ጥፋት ካለ የሚገኘው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከነቅጣቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአብዛኛው ሥራዋ ቀላል የሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ከአሁኑ የሚከብድ ሥራ ነው። ይህን «ማናጀር» የሚለው ቃል አልነገራትም፣ «ጀነራል አካውንታንት» የሚለውም ቢሆን አይነግራትም ነበር።

እግረ መንገዴን ሁለት ወጥመዶች ላንሳ። አንደኛው የሰው ብዛት ነው። «ከሥሬ አሥር ሰው አለ» ሲባል ከባድ ሥራ ይመስላል። አሥሩም አንድ ዓይነት፣ በየቀኑ የሚታይ ሥራ የሚሠሩ ከሆነ ግን ማንም ከሥሯ የሌላት የግብር ባለሙያ ልትበልጥ ትችላለች። ሁለተኛው የአለቃ ቅርበት ነው። «ቀጥታ ተጠሪነቴ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ነው» የሚለው 25 ሰው ያለበት ቤት ውስጥ ብዙም አይገርምም። እዚያ ሁሉም ተጠሪነቱ ለእሱ ነው።

ዘዴው የማይደርስበትም አለ። የምናነጻጽረው መደቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ይህ በተግባር አስቸጋሪ ነው። አንድ ትጉ ሠራተኛ በመደቡ የሌለ ሥራ ሁሉ እየጎተተ ወስዶ ይሆናል፤ እሱ ሲለቅ ያ ሥራ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ «ከአንተ በፊት የነበረውስ ይህን ይሠራ ነበር?» ማለት ይበጃል። ገና አዲስ የተከፈተ መደብ ከሆነ ደግሞ ባለፈው ወር ብሎ ነገር የለም። እዚያ ላይ የምታገኙት የቀጣሪውን ተስፋ ነው፤ እንደ ተስፋነቱ ብቻ ውሰዱት።

ጓደኛዬ ወደ ቀጣሪው ስትመለስ ስለ ስሙ አንድም ቃል አላነሳችም። ደመወዙንም ከሌሎች ፋይናንስ ማናጀሮች ጋር አላወዳደረችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። ሰነዱ ያልተሟላ ክፍያን ራሷ የመመለስ ሥልጣን በጽሑፍ እንዲሰጣት፣ እና የግብሩን ሥራ በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ባለሙያ እንዲያይላት። የመጀመሪያውን ተቀበሏት። በሁለተኛው ላይ «እናስብበት» አሏት፤ በዚህ መሀል እሷም እያሰበችበት ነው።

የአሁኑን ሥራዋንም ሲቪዋ ላይ እንዴት እንደምትጽፈው ጠይቃኝ ነበር። መጠሪያውን አትቀይሪ አልኳት፤ የድሮ ቀጣሪዋ ሲጠየቅ የሚመልሰው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው፣ ያልገጠመ ስም ደግሞ ውሸት ይመስላል። «ሲኒየር አካውንታንት» የሚለው እንዳለ ይቆያል። ከሥሩ ያለው የመጀመሪያ መስመር ግን እንዲህ ሆነ፦ «የሦስት ቅርንጫፎችን ወርሃዊ ሒሳብ እዘጋለሁ፣ የሁለት አካውንታንቶችን ሥራ አርማለሁ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በእኔ እጅ ተዘጋጅቶ ለኃላፊዎች ይቀርባል።»