ኦክስጅን ጠፋ ማለት ፈርመንቴሽን ተጀመረ ማለት አይደለም

«መምህር፣ ባክቴሪያ ኦክስጅን ካጣች ፈርመንቴሽን ጀመረች ማለት አይደል?»

አይደለም። ደሴ ላይ ማይክሮባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ሳልሰማ ያለፈ ሴሚስተር የለም፣ እውነት ለመናገር ሰልችቶኛል። ተማሪው መጠየቁ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሁለቱን በእኩል ምልክት ያገናኘ ኖት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ማየቴ ነው።

መጠየቅ ያለበት «ኤሌክትሮኑን መጨረሻ ላይ ማን ተቀበለው?» ተብሎ ነው። ባክቴሪያ ግሉኮስን ስትሰባብር ኤሌክትሮን ይወጣል፣ ኤንኤዲኤች የሚባል ሞለኪውል ይሸከመዋል። ይህ ሸክም ካልተራገፈ ሥራው ሁሉ ይቆማል። በሬስፒሬሽን ኤሌክትሮኑ በሴሏ ሽፋን ላይ በተደረደሩ ፕሮቲኖች ሰንሰለት በኩል እየተቀባበለ ይወርዳል፣ በመንገዱም ፕሮቶን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያ ፕሮቶን ተመልሶ ሲገባ የሴሏ የኃይል ገንዘብ የሆነው ኤቲፒ ይሠራል። መጨረሻ ላይ የሚቀበለው ኦክስጅን ከሆነ ኤሮቢክ ነው፣ ናይትሬት ወይም ሰልፌት ከሆነ አናኤሮቢክ ነው። ሁለቱም ግን ሬስፒሬሽን ናቸው፣ በቃ።

ፈርመንቴሽን ላይ የውጭ ተቀባይ የለም። ሸክሙን የሚቀበለው ከዚያው ከግሉኮሱ የተገኘው ፓይሩቬት ራሱ ወይም ከእሱ የሚወጣ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ፓይሩቬቱ ተቀብሎ ላክቲክ አሲድ ይሆናል። የጤፍ ሊጥ የሚኮመጥጠውም በዚህ ነው።

«ኦክስጅን ካለ ሁሉም ባክቴሪያ ይተነፍሳል» የሚባለውም ልክ አይደለም። የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ለሰንሰለቱ የሚያስፈልገውን፣ ብረት ያዘለውን ሂም ራሳቸው አይሠሩም፤ ስለዚህ ክዳኑን ብትከፍቱላቸውም ፈርመንቴሽናቸውን ይቀጥላሉ። ኮምቦልቻ ያለው ሊጥ ቶሎ፣ ደሴ ያለው ዘግይቶ የሚኮመጥጠውም በኦክስጅን ሳይሆን በሙቀቱ ምክንያት ነው።

ኃይሉስ? ከኤንኤዲኤች እስከ ኦክስጅን ኤሌክትሮኑ የሚወርድበት ቁልቁለት 1.14 ቮልት ያህል ነው፣ እስከ ናይትሬት 0.74 ቮልት ያህል። ስለዚህ ናይትሬት የምትተነፍስ ባክቴሪያ ከኦክስጅኑ ያነሰ፣ ከፈርመንቴሽን ግን የበለጠ ታገኛለች። በፈርመንቴሽን ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ነው፤ ኢ. ኮላይ አሴቴት ስለምትሠራ ትንሽ ትጨምራለች። በኦክስጅን ከአንድ ግሉኮስ ይገኛል ብላችሁ በቃላችሁ የያዛችኋት 38 ኤቲፒ ደግሞ በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ናት፤ የኢ. ኮላይ ሰንሰለት የሚገፋው ፕሮቶን ስለሚያንስ እዚያ አትደርስም።

አሁን ይህ ግራ መጋባት ላብ ውስጥ ምን እንደሚያመጣ ልንገራችሁ። አንድ ቡድን ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳን ናይትሬት ብሮዝ ውስጥ ዘርቶ 37 ዲግሪ ላይ አሳደረ። በማግስቱ ሁለቱን ሪኤጀንቶች ጠብ አደረጉ፣ ቀይ አልመጣም። «ኔጌቲቭ» ብለው ጻፉ። ለምን አልኳቸው፤ «ሱዶሞናስ ፈርመንት አታደርግም፣ ስለዚህ ያለ ኦክስጅን አትሠራም» አሉኝ። ያው ኖት ነው!

ቀዩ ቀለም የሚያሳየው ናይትራይትን ብቻ ነው። ቀይ ካልመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ናይትሬቱ አልተነካም፣ ወይ ናይትራይትን አልፎ ጋዝ ወይም አሞኒያ ሆኗል። የሚለየው በእንጨት ጫፍ የሚነሳ ትንሽ የዚንክ ዱቄት ነው። ዚንክ የቀረውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፤ ስለዚህ ከዚንክ በኋላ ቀይ ከመጣ ኔጌቲቭ ማለት ነው። የእነሱን ቱቦ እዚያው ጨመርንበት፣ ደቂቃዎች ጠበቅን፣ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ናይትሬቱ አልቋል ማለት ነው፣ ውጤቱም ፖዘቲቭ። እጃችሁ ግን አይክበድ፤ ዚንክ ከበዛ ናይትራይቱንም አልፎ ስለሚሄድ ኔጌቲቩ ፖዘቲቭ ይመስላችኋል።

ጋዝ እንድትይዝ ከውስጥ የተደፋችው የደርሃም ቱቦ አናት ላይም አረፋ ነበረ፣ ማንም አላየውም። ሱዶሞናስ ፈርመንት ስለማታደርግ ያ አረፋ የናይትሮጅን ጋዝ ነው፤ ኤሌክትሮኑን ናይትሬት እንደተቀበለ ይመሰክራል። ባክቴሪያዋ እንደ ኢ. ኮላይ ፈርመንት የምታደርግ ብትሆን ግን አረፋው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከፈርመንቴሽን የወጣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላላ። ኢ. ኮላይ ብዙውን ጊዜ ናይትራይት ላይ ስለምትቆም የእሷ ቱቦ ያለ ዚንክ ወዲያው ይቀላል።