የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት እና ኩባንያ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ድርጅቶችን በየዓይነታቸው እንዲመድብ የተሰጠው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ድርጅት ያተርፋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ወደ ስህተት ይመራል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ገንዘብ ሊተርፈው ይችላል። ኩባንያም ለዓመታት ሊከስር ይችላል፤ ስለከሰረ ግን በጎ አድራጎት አይሆንም። የሚለያቸው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከተረፈ፣ የተረፈው ለማን ይደርሳል? በምንስ መለኪያ?

አንድ ምሳሌ ይዘን በቁጥር እንየው። አናጺዎች ተሰባስበው እንጨት በጅምላ የሚገዛላቸው ድርጅት አቋቋሙ እንበል። አባላቱ በጠቅላላ 400,000 ብር ካፒታል አዋጡ። ድርጅቱ በዓመቱ ለአባላቱ የ3,800,000 ብር እንጨት ሸጠ፤ ወጪው ሁሉ ተከፍሎ 300,000 ተረፈ። ከአባላቱ ሁለቱን እንምረጥ። አንደኛው ያዋጣው 2,000 ብቻ ነው፤ ግን ሥራ ስለሚበዛበት የ60,000 እንጨት ገዝቷል። ሁለተኛው ገንዘብ ስላለው 40,000 አዋጥቷል፤ የገዛው ግን የ10,000 ብቻ ነው።

ድርጅቱ ኩባንያ ከሆነና ትርፉን በሙሉ ለማከፋፈል ከወሰነ፣ መለኪያው አክሲዮን ነው። ሁለተኛው ሰው የካፒታሉ 10 በመቶ ስላለው 30,000 ያገኛል። አንደኛው 0.5 በመቶ ብቻ ስላለው 1,500 ይደርሰዋል። ምን ያህል እንጨት እንደገዙ የሚጠይቅ የለም።

ድርጅቱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። ደንቡ ከትርፉ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ይያዝ፣ በተዋጣው ካፒታል ላይ ከ5 በመቶ ያልበለጠ ወለድ ይከፈል ይላል እንበል። 90,000 ለመጠባበቂያ ይሄዳል፤ 20,000 ለወለድ። የቀረው 190,000 የሚከፋፈለው አባላቱ ከማኅበሩ ጋር ባደረጉት ግብይት ልክ ነው። በ3,800,000 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 100 ግዢ 5 ይደርሳል። ስለዚህ አንደኛው ሰው ከግዢው 3,000፣ ከወለድ 100፣ በድምሩ 3,100 ያገኛል። ሁለተኛው ከግዢው 500፣ ከወለድ 2,000፣ በድምሩ 2,500 ያገኛል። ሃያ እጥፍ ያዋጣው ሰው ያነሰ ወሰደ! እኔ እዚህ ስሌት ላይ ስደርስ ነው የኅብረት ሥራ ሐሳብ የገባኝ። ገንዘቡ ተመላሽ ነው፤ ማኅበሩ ቀድሞ አብልጦ ያስከፈላቸውን ለራሳቸው እንደመመለስ ያለ። ድምፅም እንደዚሁ ነው፤ በተለመደው ደንብ ሁለቱም በጉባኤው ላይ አንድ አንድ ድምፅ አላቸው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ ሱቅ የከፈቱት ሠራተኞች ትርፉን ለአባላት በግዢያቸው ልክ ይመልሱ ነበር። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረትም በ1995 ባወጣው መግለጫ ለካፒታል የሚከፈለው የተወሰነ እንዲሆን፣ አባላትም እኩል ድምፅ እንዲኖራቸው አስቀምጧል።

ድርጅቱ ለትርፍ ያልተቋቋመ ከሆነስ? መልሱ አጭር ነው። ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ። 300,000ው እዚያው ለተቋቋመበት ዓላማ ይውላል። የመሥራቾቹ ቁጥር፣ የአባላቱ ብዛት፣ የገቢው ምንጭ ይሄን አይለውጠውም። ዕቃ ሊሸጥ፣ አገልግሎት ሊያስከፍል፣ ለሠራተኞቹ ደህና ደመወዝ ሊከፍል ይችላል። የማይችለው የተረፈውን ለመሥራቾቹ፣ ለአባላቱ ወይም ለሚቆጣጠሩት ሰዎች ማከፋፈል ነው።

እንግዲህ ለመመደብ የሚያስፈልገው ወረቀት መተዳደሪያ ደንቡ ወይም መመሥረቻ ጽሑፉ ነው። ድረ ገጹ ላይ «ስለ እኛ» የሚለውን አንብቦ መወሰን ያሳስታል፤ እዚያ ሁሉም ማኅበረሰቡን አገልጋይ ነው። ደንቡ ውስጥ ሁለት አንቀጾችን ፈልጉ። አንዱ ስለ ትርፍ ክፍፍል የሚናገረው ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ድርጅቱ ሲፈርስ ቀሪው ንብረት ለማን እንደሚሄድ የሚወስነው ነው። በኩባንያ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ የቀረው ለባለአክሲዮኖች ይከፋፈላል። ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ዓላማ ወዳለው ሌላ ድርጅት ይተላለፋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጋ አባሉ ያዋጣውን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ የተጠራቀመው መጠባበቂያ ግን አይከፋፈልም። የመጀመሪያው አንቀጽ ድፍንፍን ካለ፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ያጠራዋል።

አሁን ወደሚያከራክረው እንምጣ። አባላት ስላሉትና አባላቱ ስለሚመርጡ ብቻ አንድን ድርጅት ኅብረት ሥራ ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የባርሴሎና እግር ኳስ ክለብ ጥሩ ማሳያ ነው። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፤ ፕሬዚዳንቱንም እነሱ ይመርጣሉ። ነገር ግን ክለቡ ሲያተርፍ ለአባላቱ የሚከፋፈል ነገር የለም። ስለዚህ በክፍፍሉ መለኪያ ለትርፍ ካልተቋቋሙ ማኅበራት ጎን ይቆማል።

ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘም አለ። በ1846 የተመሠረተው አሶሺዬትድ ፕሬስ የአሜሪካ ጋዜጦችና ብሮድካስተሮች በአባልነት የያዙት የዜና ኅብረት ሥራ ነው፤ ለትርፍ ያልተቋቋመም ነው። አገሮች ኢኮኖሚያቸውን የሚለኩበት የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት ለእንዲህ ዓይነቱ መውጫ አለው። ኅብረት ሥራ ማኅበራትን በመደበኛው ከኩባንያዎች ጋር ይቆጥራቸዋል፤ ደንባቸው ትርፍ ማከፋፈልን የሚከለክል ከሆነ ግን ለትርፍ ባልተቋቋሙት ውስጥ ይገባሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ወሳኙ ክልከላው ነው። ዘንድሮ ሳያከፋፍሉ መቅረት አይበቃም። ብዙ ኩባንያዎች ትርፋቸውን ለዓመታት ወደ ሥራው ይመልሱታል፤ ነገ ግን ማከፋፈል ይችላሉ።

ሌላው ወጥመድ የእናትና የልጅ ድርጅት ነው። ፋየርፎክስ በሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ የሚታወቀው ሞዚላ ፋውንዴሽን ለትርፍ ያልተቋቋመ ነው፤ በ2005 ያቋቋመው ሞዚላ ኮርፖሬሽን ግን ግብር የሚከፍል ኩባንያ ነው። የኩባንያው ብቸኛ ባለቤት ፋውንዴሽኑ ነው። «ሞዚላ» ብሎ በአንድ መስመር መመዝገብ ሁለቱንም ያሳስታል። ሁለት መዝገብ ከፍቶ ባለቤትነቱን ማገናኘት ይሻላል።

የሕግ ቅርጽንም ከዓይነት ጋር አለመቀላቀል ነው። የኅብረት ሥራ ሕግ በሌለበት ወይም በማይመችበት አገር፣ ሰዎች ኩባንያ አስመዝግበው በደንባቸው አንድ ሰው አንድ ድምፅና በግብይት ልክ ክፍፍል ያደርጋሉ። ሌላው ደግሞ «ኅብረት» የሚል ስም ለጥፎ በአክሲዮን ያከፋፍላል። መዝገቡ ለሕጋዊ ቅርጹ አንድ ዓምድ፣ ለአሠራሩ ሌላ ዓምድ ቢኖረው ግማሹ ክርክር ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ደንቡ የማያሳየው ነገርም አለ። አንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በወረቀት ንጹሕ ሆኖ፣ ቢሮውን ከመሥራቹ ኩባንያ በእጥፍ ኪራይ ሊከራይ ይችላል። ትርፉ በበር አልወጣም፤ በመስኮት ወጣ። ይሄ የሚታየው በኦዲት ሪፖርቱ ውስጥ ዝምድና ካላቸው ወገኖች ጋር የተደረገ ግብይት በሚለው ማብራሪያ ላይ ነው። ምድቡን ወዲያው አይለውጠውም፤ ምክንያቱም ምድቡ የሚከተለው የተፈቀደለትን ነው። ማስታወሻ ላይ ግን መስፈር አለበት።