ፊነስ የሚባለው የፋብሪ-ፔሮ መሣሪያ የጥራት መለኪያ የሚጨምረው መስታወቶቹን በማራራቅ ነው?

ሁለት ትይዩ መስታወቶች አሉ፤ ብርሃንን በከፊል ያሳልፋሉ፣ አብዛኛውን ይመልሳሉ። ብርሃኑ በመካከላቸው ይመላለሳል። የደርሶ መልስ መንገዱ የሞገድ ርዝመቱ ሙሉ ብዜት ሲሆን ሞገዶቹ ይደጋገፉና ብርሃኑ አልፎ ይወጣል። ሻርል ፋብሪና አልፍሬድ ፔሮ በ1890ዎቹ የሠሩት መሣሪያ ይህ ነው።

ብርሃኑ በብዛት አልፎ የሚወጣባቸውን ድግግሞሾች ጫፎች እንበላቸው። በሁለት ተከታታይ ጫፎች መካከል ያለው የድግግሞሽ ርቀት ፍሪ ስፔክትራል ሬንጅ ይባላል። በአየር ውስጥ c/2d ነው፤ c የብርሃን ፍጥነት፣ d በመስታወቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ 1 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 ጊጋኸርትዝ ይሆናል።

ፊነስ ደግሞ ይህ ርቀት ለአንዱ ጫፍ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የሚወስነው በዋናነት የመስታወቱ አንጸባራቂነት ነው። መስታወቶቹ 90 በመቶ ቢመልሱ ፊነሱ 30 ገደማ፣ የጫፉ ስፋት ግማሽ ጊጋኸርትዝ ይሆናል። 99 በመቶ ቢመልሱ ፊነሱ 310 አካባቢ ይደርሳል።

ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱን ወደ 2 ሴንቲሜትር ብናሰፋው ጫፉ በእርግጥ በግማሽ ይጠባል። ግን በጫፎቹ መካከል ያለው ርቀትም ወደ 7.5 ጊጋኸርትዝ ይወርዳል፤ ፊነሱ ንቅንቅ አይልም። ይባስ ብሎ፣ በ7.5 ጊጋኸርትዝ የሚራራቁ ሁለት የብርሃን መስመሮች አሁን ተደራርበው አንድ ይመስላሉ።

የመስታወቱ ገጽ ለጥ ያለ ካልሆነ ወይም ትይዩነቱ ከተዛባ ደግሞ፣ 99 በመቶ ቢያንጸባርቅም ያ 310 በተግባር አይገኝም።