ኩቱዞቭ እውነት ተኝቶ ነበር? ታሪካዊ ልብ ወለድ ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ይሄማ ደራሲው የፈጠረው ነው!»

በቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1805 ሩሲያና ኦስትሪያ ናፖሊዮንን በገጠሙበት በአውስተርሊትዝ ውጊያ ዋዜማ ጄኔራሎቹ ሌሊት ተሰብስበዋል። ኦስትሪያዊው ቫይሮተር የውጊያውን ዕቅድ ያነብባል። የሩሲያው ጦር አዛዥ ኩቱዞቭ ግን ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ነገ ከናፖሊዮን ጋር የሚገጥም ጦር አዛዥ እንዴት ይተኛል?

ተኝቷል። ላንዠሮን የተባለ በሩሲያ ጦር ያገለገለ ፈረንሳዊ ጄኔራል እዚያው ተቀምጦ ነበር። እነሱ ሲደርሱ ኩቱዞቭ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው እንዳገኙት፣ ሳይወጡም ጭልጥ ብሎ እንደተኛ በማስታወሻው ጽፏል። ስለዚህ «አይመስልም» ብሎ ትዕይንት መጣል አያዋጣም። መጀመሪያ «ማን ነበር እዚያ? ጽፎስ አስቀምጧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ስብሰባው እውነት ከሆነ ሌላውም እውነት ነው።»

እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የምሞክረው አንድ ነገር አለ። በታሪክ ያልነበረውን ሰው ከክፍሉ አስወጣለሁ። በልብ ወለዱ ስብሰባ ላይ ልዑል አንድሬ አለ፤ እሱ የቶልስቶይ ፍጡር ነው። እሱን ስታወጡት ያየው፣ የታዘበው፣ ሌሊቱን ስለ ዝና ያሰበው ሁሉ አብሮት ይወጣል። የሚቀረው ስብሰባው፣ የተነበበው ዕቅድና የተኛው አዛዥ ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስት ግን ምክንያቱ ነው። ኩቱዞቭ የተኛው ዕቅድ ውጊያን እንደማይወስን ስለገባው ነው የሚለው ስሜት ከቶልስቶይ የመጣ ነው። በርግጥ ኩቱዞቭ ያኔ መዋጋትን አልደገፈም ነበር፤ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ነው ያልሰማው። ስለዚህ ትርጓሜው ሊሆን ይችላል። ግን መተኛቱን ያየ ምስክር አለ፣ ለምን እንደተኛ ልቡን ያየ የለም። ድርጊቱ ተመዝግቧል፣ ሐሳቡ ተጨምሯል። እኔ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አልመዝናቸውም።

«ቀኑ ከታሪክ መጽሐፉ ጋር አይገጥምም፤ ተሳስቷል።»

ናፖሊዮን ሩሲያን ሲወር የተደረገው የቦሮዲኖ ውጊያ በልብ ወለዱ ኦገስት 26 ቀን 1812 ነው። ሌላ ቦታ ሴፕቴምበር 7 ታገኙታላችሁ። ሩሲያ ያኔ በአሮጌው የዩልያን አቆጣጠር ትጠቀም ነበር፤ ከግሪጎርያኑ አቆጣጠር ያለው ልዩነት ያኔ 12 ቀን ነበር። ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው።

«ደራሲው ራሱ ከሰነድ ነው የወሰድኩት ብሏል።»

ቶልስቶይ በ1868 ባሳተመው ጽሑፍ የታሪክ ሰዎች የሚናገሩበትንና የሚያደርጉበትን ቦታ ከሰነድ እንጂ ከራሱ እንዳልፈጠረ ጽፏል። ሰነድ ግን ሰው የጻፈው ነው። ላንዠሮን አውስተርሊትዝ ላይ አንዱን የጦር ክፍል መርቷል፤ ለሽንፈቱ ከተወቀሱትም አንዱ ነበር። አዛዡ ተኝቶ ነበር ብሎ መጻፉ ለእሱ ይጠቅመዋል። ዋሽቷል ለማለት አይበቃም፤ ሌላ ምስክር ለመፈለግ ግን ይበቃል።