የጆሮ ጫፍ ላይ የሻከረው ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አጎቴ ጎጃም ውስጥ፣ ሉማሜ አካባቢ የሚያርሱ የ68 ዓመት ሰው ናቸው። ቀላ ያሉ ናቸው፤ እኛ አገር «ቀይ ሰው» የሚባሉት ዓይነት። ፀጉራቸው ከተመለጠ ቢያንስ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ፋሲካ ጉንጭ ለጉንጭ ስንሳሳም አንድ ነገር ፈገፈገኝ። ቀና ብዬ ሳይ ምንም የለም። በጣቴ ስዳስስ ግን ግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ፣ አናታቸው ላይ፣ ደግሞ የጆሯቸው ጫፍ ላይ ሻካራ ነገር አለ። ላም እጅህን ስትልስህ የሚሰማህን ታውቃለህ? እንደዚያ ነው የሚሻክረው።

እኔ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ቆዳ ክፍል ነው። ስሙን አወቅሁት፦ አክቲኒክ ኬራቶሲስ። ለዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረር የቆዳውን የላይኛ ሽፋን ሴሎች አበላሽቶ የሚያመጣው ቅርፊት ነው። ይህን ስናገር ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሐኪም ሆነ። የተባለውን እንደተባለ ላንሳው።

«አይ ልጄ፣ እርጅና ነው። ቆዳ ሲያረጅ ይሻክራል።»

ይህን ያሉት ራሳቸው አጎቴ ናቸው። እጅጌያቸውን ሰብስቤ በክንዳቸው የውስጥ በኩል፣ ብብታቸው አጠገብ ያለውን ቆዳ እንዲነኩት አደረግኋቸው። ለስላሳ ነው። እሱም ቆዳ እንደ ግንባራቸው 68 ዓመቱ ነው፤ ልዩነቱ ፀሐይ አይቶ አለማወቁ ነው።

ቅርፊቱ የሚወጣበት ቦታም ይህንኑ ይናገራል። ግንባር፣ የተመለጠ አናት፣ የጆሮ ጫፍ፣ አፍንጫ፣ የታች ከንፈር፣ የእጅ ጀርባ። አዘውትሮ በልብስ የሚሸፈን ቦታ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ላይ ከማየት ይልቅ መዳሰስ ይሻላል፤ ዓይን ሳያገኘው ጣት ያገኘዋል።

«እኛ ጥቁር ነን፤ ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው።»

ግማሹ እውነት ነው፤ እውነቱንም መደበቅ አልፈልግም። ቆዳችንን ያጠቆረው ሜላኒን ጨረሩን ስለሚከላከል፣ አክቲኒክ ኬራቶሲስ ጠቆር ያለ ሰው ላይ ብዙ አይታይም። የሚበዛው ነጮች ላይ ነው። እኛ ጋ የሚያጠቃው ቀላ ያለ ቆዳ ያላቸውንና ዕድሜያቸውን ሙሉ ባዶ ራሳቸውን ውጭ የሠሩትን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ አልቢኒዝም ያለባቸውን። እነሱ እስኪያረጁ አይጠበቅም፤ ገና በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ሊወጣባቸው ይችላል፣ ካንሰሩም ቶሎ ይመጣል። አልቢኖ ልጅ ከብት ጠባቂ ሆኖ ባየሁ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ግማሹ ግን ስህተት ነው፤ አደገኛውም ይኸኛው ግማሽ ነው። ከዚህ ቅርፊት የሚነሳው ካንሰር ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላል። ይህ ካንሰር ጥቁር ሰውንም ይይዛል፤ መንገዱ ብዙ ጊዜ ሌላ ስለሆነ ነው የማናስተውለው። ጥቁር ሰው ላይ የሚነሳው ከፀሐይ ይልቅ ከድሮ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ፣ ወይም ለዓመታት ሳይድን ከቆየ የእግር ቁስል ነው። ስለዚህ ጥቁር የሆነ ገበሬ ግንባሩን ብቻ ሳይሆን ቅልጥሙ ላይ ያለውን አሮጌ ጠባሳም ይይ። ዝም ብሎ የኖረ ጠባሳ ድንገት ቁስል ካወጣና ካልደነ ይታይ። የታች ከንፈሩን ደግሞ በጣቱ ይዳስስ። ከንፈር ላይ መከላከያው ቀጭን ነው።

«ጎጃም እኮ ደጋ ነው። ብርድ አገር ፀሐይ ምን ታደርጋለች?»

ቆዳን የሚጎዳው ሙቀቱ አይደለም፤ የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ከፍታ ሲጨምር ከላይ ያለው አየር ይሳሳል፣ ጨረሩም ይበረታል። በየ1000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ ደግሞ ያታልላል። ቆላ ያለ ሰው ሲያቃጥለው ጥላ ይፈልጋል፤ ደገኛው ግን «ሞቅ ይበለኝ» ብሎ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል።

መለኪያው ቀላል ነው። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ብርቱ ነው። እኛ ጋ ይህ የሚሆነው በግምት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። ይኼ ደግሞ አጫጁ ጤፉ ውስጥ ጎንበስ ያለበት ሰዓት ነው።

«ጭርት ነው፤ ከፋርማሲ ቅባት ገዝቶ መቀባት ነው።»

የጎረቤት ምክር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ቆዳ ክፍል የሚመጣው ሰው ግማሹ ይህን ሞክሮ ነው የሚመጣው። ችግሩ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ቅባት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ያለበት መሆኑ ነው። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርደዋል። ሰውየው «ዳንሁ» ይላል። የተበላሹት ሴሎች ግን እዚያው አሉ፤ ሐኪም ሲያያቸውም መልካቸው ተለውጦ ይጠብቁታል።

ጭርት ብዙ ጊዜ ክብ ነው፤ ዳሩ ከፍ ይላል፣ መሀሉ ይጠራል፣ ያሳክካል። አክቲኒክ ኬራቶሲስ እንዲህ ያለ ክብ ዳር የለውም፤ ከቆዳው ጋር የተጣበቀ ደረቅ ቅርፊት ነው። ሌላ ሦስተኛ ነገርም አለ። ደጋ ላይ አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ ቅርፊት ያለው እብጠት ሲወጣ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭር ከአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣ ነው፤ የራሱ ምርመራና የራሱ ሕክምና አለው። ሦስቱ በዓይን ይምታታሉ፤ በአንድ ቅባት ግን አይድኑም።

«ካንሰር ከተባለማ አበቃልኝ።»

እዚህ ላይ አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እኔም ቶሎ መለስኩ፦ ይህ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ሊሆን የሚችል ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው በአማካይ ከ70 በላይ የሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ተከታትለው ታይተው ነበር። ከ1000 ቅርፊት ውስጥ በአንድ ዓመት ወደ ካንሰር የተለወጡት 6 ያህል ነበሩ፤ በ4 ዓመት 26 ያህል። እነዚህ ለአደጋው በጣም የተጋለጡ ነጮች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅርፊቶች ደግሞ በዓመቱ ሲታዩ በቦታቸው አልነበሩም። የጠፋ ግን ተመልሶ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? አንደኛ፣ ብዙ ቅርፊት ያለበት ሰው ዕጣውም ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ የትኛው እንደሚለወጥ አስቀድሞ አይታወቅም። የተለወጠውን ግን መለየት ይቻላል። ሥሩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርግ። ተራው ቅርፊት ላይ ላዩን ነው፤ ከሥሩ ቆዳው ለስላሳ ነው። ከሥሩ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠጠር ያለ ነገር ካለ፣ ሲጫኑት ካመመ፣ ሳይነካ ከደማ፣ በሳምንታት ውስጥ ከገፋ፣ ወይም እንደ ትንሽ ቀንድ ካበቀለ አይጠበቅም።

የአጎቴ የአናታቸውና የጆሮ ግንዳቸው ቅርፊቶች ላይ ላዩን ነበሩ። የጆሯቸው ጫፍ ግን ከሥሩ ጠጠር ብሏል። ጆሮና ከንፈር ላይ የሚነሳ ካንሰር ከሌላው ቦታ ይልቅ ወደ አንገት ንፍፊት የመዛመት ዕድል ስላለው እዚያው አንገታቸውን ዳሰስኩ፤ እብጠት የለም። በሳምንቱ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሙ ከጆሯቸው ትንሽ ቆርጦ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ ጀማሪ ካንሰር ነበር፤ ገና አልተዛመተም። ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ አወጣው። ሌሎቹን ግን አልቆረጠም፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዘቀዛቸው።

«ለዚህ ብሎ ሆስፒታል? ፈንግሎ መጣል ወይ በጋለ ብረት መተኮስ ነው።»

ቅርፊቱ ቢፈነገል በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ሥሩ አልተነካማ። መተኮሱ ይብሳል። መመርመር የነበረበትን ሥጋ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል፤ ጠባሳ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት የራሱ አደጋ አለው። ጸበል ለሚጠመቅ ሰው የምለው ነገር የለኝም፤ ይጠመቅ፣ ሐኪሙም ይየው።

የናይትሮጅኑ ነገር ግን አስቀድሞ መነገር አለበት። ሲነካ ለጥቂት ሰከንድ ያንገበግባል። በማግስቱ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፣ ከዚያ ይደርቅና በአንድ ሁለት ሳምንት ይረግፋል። ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ብርድ ስለማይችሉ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። የአጎቴን አናት ያየ ጎረቤት «ለምጽ ያዛቸው» አለ። ለምጽ አይደለም፤ ከቦታው አይሰፋም።

«የሰጡኝ ቅባት ፊቴን አቆሰለው፤ ጣልኩት።»

ይህን ያሉት አንዲት እናት ናቸው፤ ሌላ ጊዜ። ቅርፊቱ ሲበዛ አንድ በአንድ ማቀዝቀዝ ስለማይቻል ፍሎሮዩራሲል የሚባል 5 በመቶ ቅባት ይታዘዛል። በቀን ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም የለም። ከዚያ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይልጣል። ይህ መመረዝ አይደለም፤ መድኃኒቱ የተበላሹትን ሴሎች እየለየ እየገደለ ነው፤ ለዓይን ገና ያልታዩትን ጭምር። ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ሰው የሚያቋርጠው መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ሳይሆን አስቀድሞ ያልነገረው ባለሙያ ነው። ዓይን አካባቢ አይነካም፤ የቀቡበት እጅም በደንብ ይታጠባል። በጣም ካመመ ወይም መግል ከያዘ ደግሞ ዝም ብሎ ከመጣል ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

«50 ዓመት ፀሐይ ከመታኝ በኋላ ባርኔጣ ምን ያደርግልኛል?»

ያደርጋል። አውስትራሊያ ውስጥ በ1993 የታተመ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሰዎች አንድ በጋ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አዘውትረው ሲቀቡ አዲስ ቅርፊት ቀነሰባቸው፣ ከነበረውም የጠፋው በዛ። የቅባቱ ዋጋ ለገበሬ አይቀመስም። ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ግን ከገበያ ይገኛል። ከፊት ብቻ ምላስ ያለው ቆብ ጆሮን አይሸፍንም፤ የአጎቴም ጆሮ የተጎዳው እንዲያ ሆኖ ነው።

አሁን በየ6 ወሩ ይታያሉ። ባለፈው ስደውል ባርኔጣውን ያደርጉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «በሬዎቹ ደንግጠው ነበር፤ አሁን ለመዱኝ» አሉ።