«ሊሊ» ምንድን ነው? ከፎቶ ለይቶ ማወቅስ እስከ ምን ድረስ ይቻላል?

በደሴ ጓሮዎች፣ በተለይ ውሃ በሚያቆር ጥግ፣ ጥሩምባ የመሰለ ነጭ አበባ ይበቅላል፤ ብዙዎቻችን «ሊሊ» እንለዋለን። ለምረቃ የሚሰጠውን፣ ስድስት የአበባ ቅጠል ያለውን ትልቅ አበባም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ተክሎች ናቸው፤ መርዛቸውም እንዲሁ ይለያያል።

ጥሩምባ መሰሉ አበባ በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ መርፌ የመሰሉ ቅንጣቶች አሉት። ሕፃን፣ ውሻ ወይም ድመት ሲያኝከው አፍና ምላሱ ወዲያው ይቃጠላል፣ ያብጣል፣ ለሃጭ ይበዛል። ቃጠሎው ቶሎ ስለሚያስተፋ ብዙ አይዋጥም፤ አፍን ጠርጎ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ይገባል እንጂ እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ወደ ሐኪም መሄድ የግድ ነው። ለምረቃ የሚሰጠው፣ እውነተኛው ሊሊ ግን የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ብናኙ፣ የተቀመጠበት ውሃ እንኳ ለድመት አደገኛ ነው፤ ውሻን ግን በአብዛኛው ሆዱን ብቻ ያውከዋል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ በቴሌግራም የግማሽ ቅጠል ፎቶ ልካልኝ «ድመቷ ይህን በልታለች፤ የጓሮው ሊሊ ነው አይደል?» አለችኝ። ከግማሽ ቅጠል ምንም ማለት አይቻልምና አበባውን ከፊት፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን ቦታ፣ ከዚያም ሙሉ ተክሉን እንድታነሣልኝ ለመንኋት። የጓሮው ተክል ቅጠል የቀስት ጫፍ ይመስላል፤ ረጅም ዘንግ ይዞም ከመሬት ይወጣል። በፎቶው የመጣው ግን ጠባብና ዘንግ የለሽ ሆኖ በግንዱ ዙሪያ የተደረደረ ነበር። አበባው መካከል ብናኝ የያዙ ክሮች አልታዩም፤ ይሁን እንጂ አበባ ሻጮች ልብስ እንዳያቆሽሽ ብናኙን ቆርጠው ስለሚያወጡት፣ አለመታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። ፎቶውን አጉልቼ ስመለከት የተቆረጡ ክሮች ጉቶ ታየኝ፤ ቆጠርኳቸው፣ ስድስት ናቸው፤ ይህም ከቅጠሉ ጋር ሲታይ እውነተኛውን ሊሊ ያመለክታል።

ድመቷ ገና አላስመለሰችም ነበር፤ ይህ ግን አያጽናናም፤ ምክንያቱም ትውከቱና ድካሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ፣ ኩላሊቱም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊደክም ይችላል። ምን ያህል እንደበላች፣ ፀጉሯን ስትልስም ብናኝ እንደዋጠች ፎቶ አይናገርም። ስለዚህ «ይህ አይጎዳትም» የሚል ቃል ከፎቶ ብቻ መስጠት አይገባም፤ «ይህ አደገኛ ነው፤ አሁኑኑ ሂጂ» ማለት ግን ይቻላል። ጎረቤቴ ከተክሉ ቁራጭ በፌስታል ይዛ በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄደች፤ ድመቷም ሁለት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጣትና ሽንቷ ሳይቋረጥ ተመለሰች።