የአማትን ስም ከአንደበት ማራቅ፦ ባሊሻ በከምባታና በሲዳማ

ባሊሻ በደቡባዊ የኢትዮጵያ ክፍል በሚኖሩት በከምባታና በሲዳማ ሕዝቦች ዘንድ ያገቡ ሴቶች የባላቸውን አባትና እናት ስም ከመጥራት የሚታቀቡበት ልማድ ነው። ልማዱ ስሙን ባለመጥራት ብቻ አይወሰንም፤ ከአማቶቿ ስም የመጀመሪያ ክፍለ ቃል ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ይዞ የሚጀምር ማንኛውም ቃል ለሴትየዋ ከጋብቻዋ ዕለት ጀምሮ የተከለከለ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ ከተወለደችበት ቋንቋ ውስጥ በርካታ የዕለት ተዕለት ቃላትን ደጅ ላይ ትታ ትገባለች፤ በምትካቸውም ሌላ የምትናገርበት መንገድ ታበጃለች።

ከዘመድ ስም መሸሽ በብዙ የዓለም ክፍል ያለ ነገር ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብም ቢሆን፣ በተለይ በገጠር፣ ሚስት ባሏን በስሙ ከመጥራት «እሱ» ወይም «አባወራው» ማለትን ትመርጥ ነበር፤ አማትም ለመጣችላት ሙሽራ አዲስ ስም ታወጣለች። ሆኖም በአማርኛው ልማድ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ቃላት እንደነበሩ ይቆያሉ። ባሊሻን ልዩ የሚያደርገው ክልከላው ከስሙ አልፎ ወደ ቋንቋው መዝገበ ቃላት መግባቱ ነው። የቋንቋ ሊቃውንትም ትኩረት የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንበሳ ተፈራ በ1987 እ.ኤ.አ. የሲዳማ ሴቶችን አነጋገር፣ ኢቮን ትራይስ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የከምባታ ሴቶችን ልማድ የሚመለከቱ ጥናቶች አሳትመዋል።

የክልከላውን ስፋት ለመረዳት በራሳችን ቋንቋ መሞከር ይጠቅማል። የአንዲት ሴት አማት አቶ በቀለ ይባላሉ እንበል፤ የስማቸው የመጀመሪያ ክፍለ ቃል «በ» ነው። በባሊሻ ሥርዓት ብትመራ ይህች ሴት «በቀለ» ብላ አለመጥራቷ የነገሩ መጀመሪያ ብቻ ይሆናል። በሬ፣ በረት፣ በቆሎ፣ በሶ፣ በጋ፣ በረዶ የሚሉት ስሞች ሁሉ ይቀሩባታል፤ «በላ» የሚለውን ግስም ልትጠቀምበት አትችልም። ልጇ በልቶ እንደሆነ ለመናገር «ቀመሰ» ወይም «እህል አፉ ገባ» ትላለች፤ በሬውን «የሚያርሰው»፣ በጋውን «ዝናብ የሌለበት ወራት» ትለዋለች። የአማቷ ሚስት ወይዘሮ ማሚቴ ቢባሉ ደግሞ ማር፣ ማጀትና ማታ አጠያያቂ ይሆናሉ፤ የሁለቱ ስሞች ክልከላ ተደራርቦ ከምሳ እስከ እራት ያለውን ንግግር ይነካል።

በእውነተኛው የሲዳማ አነጋገር ሥጋ ማላ፣ ቤት ሚኔ፣ እንሰት ወሴ ይባላል። የአማቷ ስም ማቴዎስ የሆነች ሴት ማላ ማለት አትችልም፤ ሚካኤል ከሆነ ደግሞ የምትኖርበትን ቤት በተለመደ ስሙ መጥራት ይቸግራታል። ከእነዚህ ቃላት አንዱን እንኳ ከሴት አንደበት መንቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ምግቡን ከእንሰት የሚያገኝ ቤተሰብ ውስጥ የቀኑ ሥራ፣ መብሉና ወሬው ሁሉ በየት በየት እንደሚዞር ለሚያውቅ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋዎቹ አሠራር ልማዱን ሊኖር የሚችል እንዳደረገው ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከምባትኛ የሰዋስው ምልክቶቹን የሚያስቀምጠው በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። ክልከላው ደግሞ የሚመለከተው የቃሉን መጀመሪያ በመሆኑ፣ የሚነካው ትርጉም ያላቸውን ቃላት እንጂ ንግግርን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ባዕድ ምዕላዶች አይደለም። አማርኛ ግን «በቤት»፣ «ለልጅ»፣ «የሰው» እያለ ብዙ ነገር ከፊት ይለጥፋል። የአቶ በቀለ ምራት «በእጅ»፣ «በመንገድ»፣ «በጠዋት» ማለት ሁሉ ቢከለከልባት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትቸገር ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ የተመሠረተ ክልከላ መጨረሻው ላይ በሚረባ ቋንቋ ውስጥ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ሰዋስውን ሳያፈርስ ቃላትን ብቻ ያስለውጣል።

ሴቶቹ የተከለከለውን ቃል የሚያልፉበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ለተለመዱት ነገሮች ቀድሞ የተበጁና ሴቶች ሁሉ የሚያውቋቸው ተለዋጭ ቃላት አሉ፤ እነዚህ እንደ ጋራ ንብረት የሚቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዷ ሴት ከእነሱ ውስጥ የአማቶቿ ስም የሚያስገድዳትን ብቻ ትመርጣለች። ልጃገረዶች እናቶቻቸውና የጎረቤት ሴቶች ሲናገሩ እየሰሙ ስለሚያድጉ ሲያገቡ ብዙውን ያውቁታል። የተዘጋጀ ተለዋጭ ለሌለው ቃል ሴትየዋ የራሷን ዘዴ ትፈልጋለች፤ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ታነሣለች፣ ነገሩን በሥራው ወይም በመልኩ ትገልጸዋለች፣ ጠቅለል ባለ ስም ታልፈዋለች ወይም ከጎረቤት ቋንቋ ትዋሳለች። በዚህ ውስጥ የቃል ችሎታ እንደሚታይ ግልጽ ነው፤ ሳታመነታና ሰሚዋን ሳታደናግር ከተከለከለው ቃል ዘወር የምትል ሴት ቋንቋዋን በጥልቀት የምታውቅ መሆን አለባት።

ወንዶች ይህን አነጋገር ይረዱታል፣ ነገር ግን አይናገሩበትም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ የወንድማማቾች ሚስቶች ያው አማቶች ስላሏቸው ያው ክልከላ ይጋራሉ፤ አጥር ዘልቆ ያለችው ጎረቤት ግን ሌላ አማት አላትና ሌላ ቃል ትሸሻለች። ስለዚህ ባሊሻ የሴቶች ሁሉ አንድ ወጥ ቋንቋ ነው ማለት ትክክል አይደለም። የሁለት ሴቶች አነጋገር እንደ አማቶቻቸው ስም ይለያያል፤ አንዷ የምትሸሸው ቃል ለሌላዋ ነፃ ነው።

ይህ ከውጭ ለሚመጣ አጥኚ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። የቃላት ዝርዝር የሚሰበስብ ሰው አንዲትን አሮጊት «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የሚሰጡት መልስ የቋንቋው የተለመደ ቃል ሳይሆን የእርሳቸው ተለዋጭ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱን ለይቶ ለማወቅ ያንኑ ጥያቄ ለልጃቸው ወይም ለወንድ መጠየቅ ይበጃል። ልጅ የተለየ ቃል ቢመልስ፣ የአካባቢ ዘዬ ልዩነት ነው ከማለት በፊት የሴትየዋን አማቶች ስም ማወቅ ይገባል፤ ስሙን ግን ከራሳቸው አንደበት መጠበቅ አይቻልም።

ልማዱ በአገራችን የስም አሰጣጥ ላይ የሚያሳድረው ጫና በተለይ የሚታየው ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ነው። በኢትዮጵያ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ ይመዘገባል። ለአንዲት ያገባች ሴት ግን የባሏ አባት ስም ማለት የአማቷ ስም ነው፤ የልጇም የአያት ስም ይኸው ነው። ጤና ጣቢያ ልጇን ይዛ ስትመጣ መዝጋቢው ሙሉ ስም ይጠይቃታል። የልጇን ስም ትናገራለች፣ የባሏንም ልትናገር ትችላለች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች፤ አብራት የመጣች ልጅ ወይም ወንድ ዘመድ እንዲሞላላት ዞር ብላ ታየዋለች። ልማዱን የማያውቅ መዝጋቢ ሴትየዋ የልጇን ሙሉ ስም የማታውቅ ሊመስለው ይችላል። እኔ ይህን የማነሣው አዘውትሮ ሊሆን የሚችል ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ ዝምታዋ ያለማወቅ ሳይሆን የአክብሮት መሆኑን የሚያውቅ ሠራተኛ በትዕግሥት ለአጃቢዋ ቢጠይቅ ብዙ ማፈር ይቀራል።

ስም አለመጥራቱ ብቻውን የቆመም አይደለም። በከምባታ ለአማት የሚሰጠው አክብሮት በዓይንም ይገለጻል፤ ምራት አማቶቿን ፊት ለፊት ትክ ብላ አታይም። ድምፅንና ዓይንን አብሮ መሰብሰብ የአንድ ሥርዓት ሁለት ገጽታ ነው። ይህም ስሙ በራሱ አደጋ ያመጣል ከሚል እምነት ይልቅ፣ ሴትየዋ በገባችበት ቤት ውስጥ ያላትን ቦታ በየዕለቱ የምታሳይበት ነው ብሎ ለመረዳት ይገፋፋል። ሸክሙ በአብዛኛው በአንድ ወገን ላይ መሆኑም መሸሸግ የለበትም፤ ባል የሚስቱን ወላጆች ስም ሲጠራ ቋንቋው አይጎድልበትም።

ተመሳሳይ ልማድ በጎረቤቶቻቸውም አለ። በኦሮሞ ሴቶች ዘንድ ላጉ የሚባለው ሥርዓት የባልንና የባልን ዘመዶች ስም ከመጥራት ይከለክላል። ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ግን በደቡብ አፍሪካ የዙሉና የኮሳ ሴቶች የሚጠብቁት ህሎኒፓ ነው። እዚያ ቃሉን በሌላ ቃል ከመተካት በተጨማሪ፣ የተከለከለውን ድምፅ ብቻ በሌላ ድምፅ መለወጥ የተለመደ ነው፤ ከምባታዎች በአብዛኛው ሙሉ ቃል ይተካሉ። ዙሉና ኮሳ ከጥንት ጎረቤቶቻቸው ከኮይሳን ቋንቋዎች የወሰዷቸው በምላስ ጠቅ የሚደረጉ ድምፆች በቋንቋቸው የተስፋፉት በእነዚህ ሴቶች የድምፅ ለውጥ አጋዥነት ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ የሴቶች አክብሮት የአንድን ቋንቋ የድምፅ ሥርዓት ለዘለቄታው ለውጧል ማለት ነው።

የሞተ ሰው ስም የሚከለከልባቸው ልማዶች ግን በሌላ መንገድ ይሠራሉ። በማዕከላዊ አውስትራሊያ በዋርልፒሪ ነባር ሕዝቦች መካከል አንድ ሰው ሲሞት ስሙ ለተወሰነ ጊዜ አይጠራም፤ ያው ስም ያለው ሕያው ሰው ደግሞ «ኩማንጃዪ» በሚል ምትክ ስም ይጠራል። ይህ ክልከላ መላውን ማኅበረሰብ የሚመለከትና ሐዘኑ ሲያልፍ የሚላላ ነው፤ የባሊሻ ክልከላ ግን በአንዲት ሴት ላይ የሚያርፍና ከጋብቻዋ ጋር የሚጸና ነው።

በከምባታም ሆነ በሲዳማ ባሊሻን ሙሉ በሙሉ የሚጠብቁት ዛሬ በብዛት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ናቸው። ትምህርት ቤት የገባች ልጅ መጽሐፍ ጮክ ብላ ስታነብ ቃል እየመረጠች ልትዘል አትችልም፤ ባልና ሚስት ከወላጆች ግቢ ርቀው ከተማ ሲኖሩም አማቶቹ በሌሉበት ቃል የመሸሽ አስገዳጅነቱ ይላላል። ብዙ ወጣት ሴቶች የአማታቸውን ስም ራሱን ከመጥራት ይቆጠባሉ፣ ስሙን የሚመስሉትን ቃላት ግን በነፃነት ይናገራሉ፤ ማለትም ልማዱ ወደ አማርኛው ዓይነት ይጠብባል። በዚህ ሂደት ቀድመው የሚጠፉት የጋራ የነበሩት ተለዋጭ ቃላት ናቸው፤ ሴቶቹ በየቤታቸው ስለሚናገሯቸው በትምህርት መጻሕፍት አይገኙም፣ በመዝገበ ቃላትም እምብዛም አይገቡም። እነዚህን ቃላት ከእናቶች አንደበት መዝግቦ ማቆየት የሚቻለው የሚናገሯቸው በሕይወት እስካሉ ብቻ ነው።